«ተከፍሏል» ብለሽ በእጅሽ አትጻፊ፤ ፎርሙላው ራሱ ይጻፈው

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። ቤቴ ውስጥ እንጀራ፣ ድፎ ዳቦ፣ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀሁ በትዕዛዝ እሸጣለሁ። ትዕዛዙን ስልኬ ላይ ጎግል ሺትስ ውስጥ እመዘግብና መጨረሻው ላይ ‹ተከፍሏል› ወይም ‹አልተከፈለም› እላለሁ። ግን ግማሹን በቀብድ የሚልክ አለ፣ ቀሪውን ሲረከብ በእጅ የሚሰጥ አለ፣ በቴሌብር ልኬልሻለሁ የሚል አለ። ወሩ ሲያልቅ ማን ስንት እንደቀረበት አላውቅም። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ስጽፈው ይዘበራረቅብኛል። ፎርሙላው እንዴት ነው የሚሠራው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የተቸገርሽው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ረድፍ ላይ ስለምትጽፊያቸው ነው። ትዕዛዝ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ክፍያው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ተቆራርጦ ሊመጣ ይችላል። ለአንድ ትዕዛዝ አንድ የክፍያ ሴል ብቻ ካለሽ፣ ቀሪው ገንዘብ ሲመጣ የቀብዱን ቁጥር ታጠፊዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ ቀብዱ መቼና በምን እንደመጣ የሚነግርሽ አይኖርም። ስለዚህ ክፍያ የራሱ ሺት ይኑረው። እያንዳንዱ ገንዘብ፣ 50 ብርም ብትሆን፣ እዚያ ላይ የራሷን ረድፍ ትያዝ። «ተከፍሏል»፣ «ቀብድ»፣ «ዱቤ» የሚሉትን ቃላት ደግሞ ፎርሙላው ከሁለቱ ሺቶች አገናዝቦ ይጻፋቸው።

መጀመሪያ የቀኑን ነገር እንጨርስ፣ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ስለሚቆም። ጎግል ሺትስ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። መስከረም 5 ለማለት 5/1/2018 ብትጽፊ፣ እንደ ሺቱ አቀማመጥ ወይ ጃንዋሪ 5 ወይ ሜይ 1፣ ያውም የፈረንጆቹ 2018 አድርጎ ይወስደዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ብትዪው ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አያውቃትም። የተዘበራረቀብሽ ለዚህ ነው፤ ከፊሉ ቀን ሆኖ፣ ከፊሉ ጽሑፍ ሆኖ ስለተቀመጠ ቅደም ተከተል ሊይዝ አይችልም።

መፍትሔው ቀኑን ያለ ሰረዝ እንደ አንድ ቁጥር መጻፍ ነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ ወርና ቀን ሁልጊዜ ሁለት ሁለት አኃዝ። መስከረም 20 ቀን 2018 ማለት 20180120 ይሆናል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ደግሞ 20171305። ቁጥር ስለሆነ አያምታታም፣ የኋለኛው ቀን ምንጊዜም ከፊተኛው ይበልጣል፣ በቀን መደርደርም ትክክል ይመጣል። የአንዱን ቀን ከሌላው ርቀት ለማስላት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ለእሱ የሚሆን ፎርሙላ ወደታች አለ።

አሁን ሦስት ሺት ክፈቺና ዋጋ፣ ትዕዛዝ፣ ክፍያ ብለሽ ሰይሚያቸው። ስሙን እንዳለ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍተት ጻፊው፤ ፎርሙላዎቹ በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት። በየሺቱ የመጀመሪያው ረድፍ ለዓምዶቹ ስም ይሁን፤ መረጃው ከሁለተኛው ረድፍ ይጀምራል።

«ዋጋ» ላይ በ A ዓምድ ዋጋው የሚጀምርበት ቀን፣ ከ B እስከ E የእንጀራ፣ የድፎ ዳቦ፣ የሽሮና የበርበሬ ዋጋ ይግባ። ጤፍ ሲወደድ እንጀራ መጨመርሽ አይቀርም። ያን ጊዜ የድሮውን ዋጋ አጥፍተሽ አዲሱን አትጻፊበት፤ ከታቹ አዲስ ረድፍ ጨምሪ። የድሮውን ካጠፋሽው ያለፉት ትዕዛዞች ሁሉ በአዲሱ ዋጋ ተሰልተው፣ ከፍሎ የጨረሰው ሰው ባለ ዕዳ ሆኖ ይወጣል። ለምሳሌ ዋጋሽ እንዲህ ነው እንበል፦

```
A         B   C    D    E
20180101  25  600  300  700
20180201  28  600  300  700
```

ከጥቅምት 1 ጀምሮ እንጀራ ከ25 ወደ 28 ብር ወጣ ማለት ነው። ረድፎቹ ከላይ ወደ ታች በቀን ቅደም ተከተል መሆን አለባቸው፤ ፎርሙላው የሚፈልገው በዚያ ተማምኖ ነው።

«ትዕዛዝ» ላይ ዓምዶቹ እንዲህ ይሰለፉ፦ A የትዕዛዝ ቁጥር፣ B የታዘዘበት ቀን፣ C ደንበኛ፣ D ስልክ፣ ከ E እስከ H የእንጀራ፣ የድፎ፣ የሽሮና የበርበሬ ብዛት፣ I ድምር፣ J የተከፈለ፣ K ቀሪ፣ L ሁኔታ፣ M ቀጠሮ፣ N የወጣበት ቀን፣ O ዱቤው የቆየበት ቀን። የዕቃዎቹ ቅደም ተከተል «ዋጋ» ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዪ፤ ቢገለባበጥ ሽሮው በበርበሬ ዋጋ ይባዛል፣ ምንም የስህተት ምልክትም አይወጣም።

የትዕዛዝ ቁጥሩን ከ1001 ጀምረሽ በእጅሽ ጻፊው። ከረድፉ ቁጥር የሚወለድ ፎርሙላ አታድርጊበት፤ ሺቱን በቀን ወይም በስም በደረደርሽ ቁጥር የሁሉም ትዕዛዝ ቁጥር ይቀየርና ክፍያዎቹ ከሌላ ሰው ጋር ይገናኛሉ። ለደንበኛውም ቁጥሩን ንገሪው፤ «ቁጥርሽ 1014 ነው» ካልሻት ገንዘብ ስትልክ እሱን ትጠቅስልሻለች። የስልክ ዓምዱን ግን ከመጻፍሽ በፊት Format ከሚለው ገብተሽ Plain text አድርጊው፤ ካለዚያ መጀመሪያ ያለችው ዜሮ ትጠፋለች።

ድምሩ I2 ላይ ይህ ይሆናል፦

```
=IF(A2="","",SUMPRODUCT(E2:H2,
 INDEX('ዋጋ'!$B$2:$E$50,
 MATCH(B2,'ዋጋ'!$A$2:$A$50,1),0)))
```

MATCH የታዘዘበትን ቀን ይዞ «ዋጋ» ላይ ከዚያ ቀን የማይበልጠውን የመጨረሻ ረድፍ ይፈልጋል። INDEX የዚያን ረድፍ አራቱንም ዋጋ ያመጣል። SUMPRODUCT ብዛትን ከዋጋ እያባዛ ይደምራል። ዋጋው የሚወሰደው በታዘዘበት ቀን ስለሆነ፣ መስከረም 28 ያዘዘ ሰው ጥቅምት 2 ቢረከብም የተነገረውን 25 ብር ነው የሚከፍለው። #N/A ካየሽ የትዕዛዙ ቀን ከመጀመሪያው የዋጋ ቀን ይቀድማል ወይም ቀኑ በሰረዝ ተጽፏል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ድምፅ የሌለው ስህተት አለ። በብዛት ሴል ውስጥ «2 ኪሎ» ብለሽ ብትጽፊ SUMPRODUCT እንደ ዜሮ ቆጥሮት ያልፋል፤ አይጮህም። 40 እንጀራና 2 ኪሎ ሽሮ ለታዘዘበት ድምሩ 1600 መሆን ሲገባው 1000 ይላል፣ 600 ብር የሽሮ ገንዘብ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ 2 ብቻ ጻፊ፤ ኪሎነቱ ከላይ በዓምዱ ስም ላይ ይኑር። ኮምፒውተር ስታገኚ ከ E እስከ H ያሉትን ዓምዶች መርጠሽ Data ውስጥ Data validation ላይ ከ0 የማያንስ ቁጥር ብቻ እንዲቀበልና ሌላውን እንዲመልስ አድርጊው። ለምርቃት የምትጨምሪው እንጀራም ብዛት ውስጥ አይግባ፤ ከገባ ደንበኛሽን ታስከፍያታለሽ።

«ክፍያ» ላይ ያሉት ዓምዶች ጥቂት ናቸው፦ A ቀን፣ B የትዕዛዝ ቁጥር፣ C የብር መጠን፣ D በምን እንደተከፈለ፣ E የግብይት ቁጥር፣ F ማጣሪያ። የግብይት ቁጥሩን የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክት ላይ ታገኚዋለሽ፤ በእጅ ለተቀበልሽው ባዶ ተይው። ረድፉን የምትሞዪው መልእክቱ ወደ አንቺ ስልክ ሲመጣ ወይም ሒሳብሽ ላይ ስታዪው ብቻ ይሁን። ደንበኛ የምትልክልሽ የስክሪን ፎቶ ገንዘቡ እንደገባ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የቆየ ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩም ሊቀየር ይችላል።

አሁን ወደ «ትዕዛዝ» ተመለሺና J2 ላይ የተከፈለውን፣ K2 ላይ ቀሪውን አስገቢ፦

```
=IF(A2="","",SUMIFS('ክፍያ'!$C:$C,'ክፍያ'!$B:$B,A2))
```

```
=IF(A2="","",I2-J2)
```

SUMIFS «ክፍያ» ሺት ላይ በዚህ የትዕዛዝ ቁጥር የተመዘገበውን ብር ሁሉ፣ ሦስት ጊዜም ይምጣ አሥር ጊዜ፣ ሰብስቦ ይደምራል። መጀመሪያ ላይ ያለችው IF ገና ያልተሞሉ ረድፎችን ባዶ ታደርጋለች። ሁኔታው L2 ላይ ይገባል፦

```
=IF(A2="","",IF(K2<0,"ትርፍ",
 IF(I2=0,"ይታይ",IF(K2=0,"ተከፍሏል",
 IF(N2<>"","ዱቤ",
 IF(J2>0,"ቀብድ","አልተከፈለም"))))))
```

ፎርሙላው ከላይ ወደ ታች እየጠየቀ፣ የመጀመሪያው እውነት የሆነበት ላይ ይቆማል፤ ቅደም ተከተሉም የተመረጠው በምክንያት ነው። ከተፈለገው በላይ ከተከፈለ «ትርፍ» ይላል። ድምሩ ዜሮ ከሆነ ብዛቱ በቃል ተጽፎ ወይም ተረስቶ ሊሆን ስለሚችል «ይታይ» ይልሻል። ቀሪው ዜሮ ከሆነ «ተከፍሏል»። ቀሪ እያለ ዕቃው ከወጣ፣ ማለትም N ላይ ቀን ከተጻፈ፣ ቀብድ ቢኖርም ባይኖርም ያ ገንዘብ ዱቤ ነው። ዕቃው ገና ካልወጣ ግን ቀብድ የከፈለውን ካልከፈለው ይለይልሻል። ይህ ልዩነት ለሥራሽ ትልቅ ነው፦ «ቀብድ» የሚለው ላይ ያለው ቀሪ ዕቃው አንቺ ዘንድ ስላለ አያሳስብም፤ «ዱቤ» ግን ደውለሽ የምትጠይቂው ገንዘብ ነው።

ፎርሙላዎቹን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጽፈሽ ቅጅያቸውና ወደታች እስከ 300ኛው ረድፍ ድረስ ለጥፊያቸው። ሲያልቅ ትጨምሪያለሽ።

አንድ ትዕዛዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተል። ትዕዛዝ 1014፣ መስከረም 20፣ 40 እንጀራና 2 ኪሎ ሽሮ። እንጀራው 1000፣ ሽሮው 600፣ ድምሩ 1600 ብር። የዚያኑ ዕለት 800 ብር በቴሌብር መጣ፤ «ክፍያ» ላይ 20180120፣ 1014፣ 800 ብለሽ ስትጽፊ L ላይ ያለው ቃል ከ«አልተከፈለም» ወደ «ቀብድ» ይቀየራል፤ ቀሪ 800። መስከረም 25 ዕቃው ወጣ፣ ደንበኛዋ በእጅ 500 ሰጠች። N ላይ 20180125 ትጽፊያለሽ፣ «ክፍያ» ላይ ሁለተኛ ረድፍ 500። አሁን ቀሪ 300፣ ሁኔታው «ዱቤ»። የቀድሞው አመዘጋገብሽ እዚህ ላይ ነበር የሚያሳስትሽ፦ ዕቃው ወጥቷል፣ ብዙው ተከፍሏል፣ «ተከፍሏል» ተብሎ 300 ብር ይረሳል።

ዱቤው ስንት ቀን እንደቆየ ለማወቅ የእኛን ቀን ሺቱ ወደሚቆጥረው ቁጥር መለወጥ ያስፈልጋል። ጎግል ሺትስ ማንኛውንም ቀን በውስጡ የሚይዘው በፈረንጆቹ ከ1899 ዲሴምበር 30 ጀምሮ ስንት ቀን እንዳለፈ በመቁጠር ነው። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን አንድ ቀን ስለምትጨምር ስሌቱ አጭር ነው። O2 ላይ፦

```
=IF(L2<>"ዱቤ","",TODAY()-(365*INT(N2/10000)
 +INT(N2/40000)+30*MOD(INT(N2/100),100)
 +MOD(N2,100)-691194))
```

N2/10000 ዓመቱን ያወጣል፤ N2/40000 ዓመቱን ለአራት አካፍሎ ጳጉሜን 6 የዋለችባቸውን ዓመታት ይቆጥራል። ቀጥሎ ወሩ በ30 ይባዛል፣ ቀኑ ይደመራል። 691194 የእኛን ቆጠራ ከሺቱ ቆጠራ ጋር የሚያገጥም ቋሚ ቁጥር ነው፤ አትቀይሪው። ለማረጋገጥ N ላይ 20180101 አስገብተሽ ቅንፉ ውስጥ ያለውን ብቻ ብታሰዪ 45911 ይመጣል፤ ያም እንደ ቀን ሲታይ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው፣ የ2018 እንቁጣጣሽ። ለ1014 ጥቅምት 10 ላይ ሺቱን ብትከፍቺው O ላይ 15 ታያለሽ። በቁጥር ፋንታ የ1900 ቀን ከመጣብሽ ስሌቱ ልክ ነው፣ አቀማመጡ ብቻ ነው የተሳሳተው፤ ዓምዱን Number አድርጊው። ኮምፒውተር ላይ File ውስጥ Settings ላይ ደግሞ የሰዓት ክልሉን የእኛን፣ GMT+03:00፣ አድርጊ፤ ካለዚያ TODAY ቀኑን የሚቀይረው በሌላ አገር እኩለ ሌሊት ይሆናል። እዚያው ገጽ ላይ ያለው Locale United States ይሁን፤ አንዳንድ ምርጫዎች ላይ ፎርሙላ በ , ሳይሆን በ ; ካልተለየ አይቀበልም።

ቀጥሎ የ«ክፍያ» ሺት ማጣሪያ F2 ላይ ይገባል፤ እሱንም O2ንም እንደ ሌሎቹ ወደታች ለጥፊያቸው፦

```
=IF(C2="","",IF(COUNTIF('ትዕዛዝ'!$A:$A,B2)=0,
 "ትዕዛዝ የለም",IF(AND(E2<>"",
 COUNTIF($E:$E,E2)>1),"ድጋሚ","ደህና")))
```

ሁለት ነገር ይይዝልሻል። የትዕዛዝ ቁጥሩ ከተሳሳተ፣ ለምሳሌ 1014 ለማለት 1104 ከጻፍሽና እሱ ከሌለ፣ «ትዕዛዝ የለም» ይላል። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ገንዘብ ሲገባም አትተዪው፤ 9999 ብለሽ መዝግቢው፣ ባለቤቱ እስኪገኝ ምልክቱ እንዳለ ይቆያል። ሁለተኛው፣ አንድ የግብይት ቁጥር ሁለት ቦታ ከተጻፈ «ድጋሚ» ይላል። ይህ አንቺ ሁለቴ መዝግበሽው ሊሆን ይችላል፤ የአንዱን ትዕዛዝ ደረሰኝ ለሌላው ደግማ የላከች ደንበኛም ልትሆን ትችላለች።

«ድጋሚ» ሁሉ ግን ስህተት አይደለም። ያችው የ1014 ደንበኛ ጥቅምት 13 ቀን 40 እንጀራ ደግማ አዘዘች፣ ቁጥሩ 1021። ዋጋው 28 ስለሆነ 1120 ብር ነው። የቀድሞውን 300 ጨምራ 1420 በአንድ ጊዜ ላከች። ይህን አንድ ረድፍ ላይ 1021 ብለሽ ብትጽፊው 1021 «ትርፍ»፣ 1014 ደግሞ «ዱቤ» እንደሆኑ ይቀራሉ። ለሁለት ክፈዪው፦ ለ1014 300፣ ለ1021 1120፣ የግብይት ቁጥሩ አንድ ዓይነት። ሁለቱም «ድጋሚ» ይላሉ፤ ድምራቸው መልእክቱ ላይ ካለው 1420 ጋር እኩል ከሆነ ትክክል ነው፣ እለፊው።

ትዕዛዝ ሲሰረዝ ረድፉን አታጥፊው። ብዛቱን 0 አድርጊ። ቀብድ ከነበረ ሁኔታው «ትርፍ» ይሆናል፣ የምትመልሺው ገንዘብ አለ ማለት ነው። ስትመልሺ «ክፍያ» ላይ በአሉታ፣ ለምሳሌ -800 ብለሽ መዝግቢው፤ ትርፉ ይጠፋና «ይታይ» ላይ ይቆያል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ምናልባት እሑድ ከሰዓት፣ ከእነዚህ ሁለት ፎርሙላዎች የሚወጣውን ቁጥር እዪ። «ዋጋ» ሺት ላይ ከዓምድ G በኋላ ባዶ ቦታ አስቀምጫቸው፦

```
=SUM('ክፍያ'!C:C)-SUM('ትዕዛዝ'!J:J)
```

```
=COUNTA('ክፍያ'!C:C)-COUNT('ክፍያ'!C:C)-1
```

ሁለቱም 0 መሆን አለባቸው። የመጀመሪያው ከዜሮ በላይ ከሆነ ያን ያህል ብር ገብቶ ከየትኛውም ትዕዛዝ ጋር አልተገናኘም፤ F ላይ «ትዕዛዝ የለም» የሚለውን ፈልጊ። ከዜሮ በታች ከሆነ አንድ የትዕዛዝ ቁጥር ሁለት ረድፍ ላይ ተጽፎ አንዱ ክፍያ ሁለቴ ተቆጥሯል። ሁለተኛው ፎርሙላ የብር መጠን በጽሑፍ የገባበትን ረድፍ ይቆጥራል፤ «800 ብር» ብለሽ ብትጽፊ SUMIFS አያየውም፣ ደንበኛሽ ከፍላ ሳለ ባለ ዕዳ ትሆናለች። መጨረሻ ላይ ያለችው 1 የርዕሱን ሴል ለመቀነስ ነው፤ C ዓምድ ላይ ርዕስ ከሌለሽ አውጫት።

ኔትወርክ በሚጠፋበት ጊዜ እንዳይቆምብሽ ፋይሉን በስልክሽ መተግበሪያ ውስጥ Make available offline አድርጊው፤ ግንኙነት ሲመለስ የጻፍሽው ይላካል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አብሮሽ የሚመዘግብ ከሆነ ግን ያለ ኔትወርክ ሁለታችሁም አንድ ረድፍ ላይ ልትጽፉ ስለምትችሉ፣ አንዱ ትዕዛዝ ብቻ ሌላው ክፍያ ብቻ ይያዝ።

የድሮውን መዝገብ በሙሉ ወደዚህ ለማዞር አትድከሚ። ከአንድ ቀን ጀምረሽ አዲሱን ሙዪ፤ ከድሮው የምታመጪው ያልተከፈለውን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ባለ ዕዳ አንድ ረድፍ ክፈቺ፣ ብዛቱን ባዶ ተዪና I ላይ ያለውን ፎርሙላ አጥፍተሽ የቀረውን ብር በእጅሽ ጻፊው፤ ለምሳሌ 450። N ላይ ዕቃው የወጣበትን ቀን ካስታወስሽው አስገቢ፣ ካላስታወስሽ የምትጀምሪበትን ቀን ጻፊ። ያን ጊዜ ሁኔታው «ዱቤ» ይላል፣ ሲከፍሉሽም እንደ ሌላው ሁሉ በትዕዛዝ ቁጥራቸው «ክፍያ» ላይ ይገባል።